ሃምሳ ሎሚ በገበሬዎች ስብሰባ

የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ሲሰበሰብ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ሳይባል የሚከፈተው ስብሰባ ጥቂት ነው። ተረቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ማን ስንት ክር እንደሚያዋጣ አይናገርም። ጠቡ የሚነሣው ደግሞ ከዚያው ነው። ለእንዲህ ያለው ስብሰባ እኔ የምመርጠው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለውን ነው፤ ልኩ በውስጡ አለና። ለእያንዳንዱ አንድ ሎሚ ይደርሰዋል፤ አንዱ ባዶ እጁን ከሄደ ጎረቤቱ ሁለት ይሸከማል።

ገበሬው ይህን ልክ ድሮም ያውቀዋል። ደቦ ሲጠራ ባለ እርሻው ምግቡንና ጠላውን ያቀርባል። በወንፈል ግን ዛሬ ላንተ ያጨድኩትን ቀን ነገ በእኔ ማሳ ትመልሳለህ፤ ካልተመቸህ በምትክህ ሰው ትልካለህ። አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሁለት ጎረቤታሞች ሲቀናጁ ደግሞ በሬዎቹን ጠምደው ተራ በተራ ያርሳሉ። መቀናጆው የሚፈተነው ዝናቡ የጣለ ሰሞን ነው፤ ሁለቱም ማሳቸውን በዚያው ቀን ማረስ ይፈልጋሉ። ተራው በበጋ ከተነጋገሩበት ክርክሩ አጭር ነው።

ልክ ሲጠፋ ሌላ ተረት ቦታውን ይይዛል፦ «የአባትህ ቤት ሲዘረፍ አብረህ ዝረፍ»። በደርግ ዘመን መሬትና በሬ በአንድ ያደረጉ የአምራቾች ማኅበራት ነበሩ። በ1982 ዓ.ም. መንግሥት ፖሊሲውን ሲለውጥ ብዙዎቹ በአጭር ጊዜ ፈረሱ፤ አባላቱ መሬቱንና በሬውን ተከፋፈሉ። በትእዛዝ የተዋሐደውን ንብረት ገበሬው የራሴ አላለውም ነበር።

የዛሬው የኅብረት ሥራ ሕግ ለአንድ አባል አንድ ድምፅ ይሰጣል፤ ትርፉም አባሉ በያዘው ዕጣና በማኅበሩ በተጠቀመው መጠን ሊከፋፈል ይችላል። ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ማኅበር 300 ኩንታል ጤፍ ከአባላቱ ተቀብሎ ሸጠ፤ መጠባበቂያው ከተቀነሰ በኋላ በተሳትፎ ልክ የሚከፈል 60,000 ብር ተረፈው እንበል። ለኩንታል 200 ብር ይደርሳል። አምስት ኩንታል ያስረከበው 1,000 ብር ያገኛል። አራቱን ለነጋዴ ሸጦ አንዱን ብቻ ያመጣው ግን 200 ብር ነው የሚደርሰው፤ ነጋዴው በኩንታል 100 ብር ቢጨምርለት እንኳ ጠቅላላው 600 ነው። እርግጥ ማኅበሩ ክፍያውን ለወራት ካዘገየ ይህ ሒሳብ አያሳምንም፤ የልጅ ትምህርት ቤትና የማዳበሪያ ዕዳ አይጠብቁምና። አባላቱ ወደ ነጋዴው ማዘንበል ሲጀምሩ መጀመሪያ መመርመር ያለበት የክፍያው ቀን ነው።

«ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» የሚለውን ሰብሳቢው በአባላት ላይ ባይወረውረው እመርጣለሁ፤ የተቸገረውን ያሳፍራልና። ይልቅ ጸሐፊው በቅድሚያ እያንዳንዱ ያስረከበውን ኩንታልና የተከፈለውን ገንዘብ በስሙ ጠርቶ ያንብብ፤ የሃምሳው ሎሚ ተረት ከዚያ በኋላ ይነገር።