ከመዝሙሩ በፊት አርባ ሰከንድ

በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት አምልኮ ውስጥ አንድ የታወቀ ቅጽበት አለ። ኪቦርዱ ዝግ ብሎ ይጫወታል፣ ከመዘምራኑ አንዱ ማይክ ይዞ ወደ ፊት ይወጣል፣ ስለሚቀጥለው መዝሙር ጥቂት ይናገራል። ዓላማው ጉባኤው የሚዘምረውን አውቆ እንዲዘምር ነው። ብዙውን ጊዜ የሚሆነው ግን ሌላ ነው። ተናጋሪው ሳያስበው ትንሽ ስብከት ይጀምራል፣ ወይም የደራሲውን የሕይወት ታሪክ ይተርካል። ኪቦርድ ተጫዋቹ ያንኑ ኮርድ እየደጋገመ ይቆያል፤ መዝሙሩ ሲጀመር ሰው የሚያስታውሰው ታሪኩን እንጂ ሊዘምር ያለውን ቃል አይደለም።

ይህን አጭር ንግግር እንዴት መጻፍ እንደሚቻል በአንድ መዝሙር እንየው። በእንግሊዝኛም በአማርኛ ትርጉምም የሚዘመረውን፣ የውጭ አገር ልጆቻችን ሳይቀሩ የሚያውቁትን «አሜዚንግ ግሬስ»ን እንውሰድ። ይህን የመረጥኁት የዚህ መዝሙር መግቢያ ከሌሎቹ ሁሉ በባሰ ስለሚበላሽ ነው።

የተለመደው መግቢያ እንዲህ ይላል፤ «ጆን ኒውተን የባሪያ መርከብ ካፒቴን ነበር። አንድ ቀን ባሪያዎች ጭኖ ሲጓዝ ታላቅ ማዕበል ተነሣ። ወደ ጌታ ጮኸ፣ ጌታም አዳነው። በዚያው ዕለት የባሪያ ንግድን ትቶ ይህን መዝሙር ጻፈ።» አጭር ነው፣ ልብ ይነካል፣ «አሜን» ያሰኛል። ችግሩ ሦስቱም ዋና ነገሮች ትክክል አለመሆናቸው ነው።

ማዕበሉስ እውነት ነው፤ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1748 ነው። ኒውተን ግን ያኔ ካፒቴን አልነበረም፣ መርከቧም ባሪያ አልጫነችም። የባሪያ መርከብ ካፒቴን የሆነው ከማዕበሉ በኋላ ነው። እስከ 1754 ድረስ በዚሁ ሥራ ቆየ፤ ያቆመውም ኅሊናው ስለወቀሰው ሳይሆን ድንገት ስለታመመ ነው። የባሪያ ንግድን በአደባባይ አውግዞ የጻፈው በ1788 ነው፣ ከማዕበሉ አርባ ዓመት በኋላ። መዝሙሩንም በመርከብ ላይ አልጻፈውም። በ1764 ቅስና ተቀብሎ ኦልኒ በምትባል ትንሽ የእንግሊዝ ከተማ ያገለግል ነበር፤ መዝሙሩን ያዘጋጀው በዚያ ሳለ በ1772 መጨረሻ ነው።

ታዲያ ይህን ሁሉ በመድረክ ላይ ማረም አለብን ማለት ነው? አይደለም። እንዲያውም እርማቱን ወደ መግቢያው ማስገባት ሁለተኛው ስሕተት ነው። ጉባኤው የቀን ቆጠራ ሊሰማ አልመጣም። እርማቱ የሚጠቅመው ጸሐፊውን ነው፤ ምን እንደማይል ይነግረዋል። ከዚህ በላይ ደግሞ መዝሙሩን በተሳሳተ በር እየገባንበት እንደነበር ያሳየዋል። የማዕበሉ ታሪክ መዝሙሩን የአንድ ሌሊት የመዳን ምስክርነት ያደርገዋል፤ መዝሙሩ ግን ስለ ረጅም መንገድ ነው። ኒውተን ራሱ፣ ከማዕበሉ በኋላም ለብዙ ጊዜ በሙሉ ትርጉሙ አማኝ ነበርኩ ለማለት እንደማይደፍር ጽፏል።

ትክክለኛው በር የት ነው? መዝሙሩ የተዘጋጀው ለአዲስ ዓመት ስብከት ነበር፤ ኒውተን እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 1773 ለሰበከው። የስብከቱ ክፍል 1ኛ ዜና መዋዕል ምዕራፍ 17 ቁጥር 16 እና 17 ነው። ዳዊት ለታቦቱ ቤት ሊሠራ ያስባል፤ እግዚአብሔር ግን በነቢዩ ናታን በኩል፣ ቤት የምሠራልህ እኔ ነኝ ይለዋል። ዳዊት ገብቶ በእግዚአብሔር ፊት ይቀመጥና ይጸልያል። በቁጥር 16 ወደ ኋላ ያያል፤ እኔ ማን ሆኜ ነው እስከዚህ ያደረስኸኝ ይላል። በቁጥር 17 ወደ ፊት ያያል፤ ይህ ሳያንስህ ስለ ሩቁ ዘመን ደግሞ ተናገርህ ይላል።

አሁን የመዝሙሩን ስድስት አንጓዎች አጠገቡ አድርጋችሁ አንብቡ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ያለፈውን ያነሣሉ። ሦስተኛው በአደጋና በመከራ መሐል ማለፍን ይናገርና እዚያው መሐል ላይ ይዞራል፤ እስከዚህ ያደረሰው ጸጋ ወደ ቤትም ያደርሳል ይላል። ከአራተኛው ጀምሮ ያለው ሁሉ የሚመጣው ነው፤ ተስፋው፣ የሥጋ መድከም፣ የምድር ማለፍ። የመዝሙሩ ቅርጽ የዳዊት ጸሎት ቅርጽ ነው። ኒውተንና ጓደኛው ዊልያም ኩፐር በ1779 መዝሙሮቻቸውን በአንድ መጽሐፍ ሲያሳትሙም ይህኛውን ያስቀመጡት በዚያው የዜና መዋዕል ክፍል ሥር ነው።

መግቢያው የሚጻፈው ከዚህ ነው። እኔ የምከተለው ደንብ አንድ ብቻ ነው፤ ዘማሪው ሳይነገረው ሊያልፈው የሚችለውን አንድ ቦታ መርጦ ማሳየት። በዚህ መዝሙር ያ ቦታ የሦስተኛው አንጓ መታጠፊያ ነው። የቀረው ታሪክ ሁሉ ለዚያ ቦታ ካልጠቀመ ይወጣል፤ ማዕበሉም ቢሆን። ማዕበሉን ማውጣት ያማል፣ አውቃለሁ።

ለመስከረም የመጀመሪያ እሑድ የተዘጋጀ ነው እንበል። መዝሙሩ ራሱ ለአዲስ ዓመት ስለተጻፈ ከእንቁጣጣሽ ጋር ሳይጎተት ይገጥማል። የመጀመሪያው ረቂቅ «ሦስተኛው አንጓ ላይ ስንደርስ ልብ በሉ» ይል ነበር። ስክሪን እያየ የሚዘምር ሰው ግን አንጓ አይቆጥርም። «ልብ በሉ» የሚለውም ተናጋሪውን ከጉባኤው ለይቶ አስተማሪ ያደርገዋል። ስለዚህ ቁጥሩ ወጥቶ በቦታው ሰው በጆሮው የሚለየው ነገር ገባ፤ «በሉ»ም «እንበል» ሆነ። እነሆ፤

«ዳዊት ለእግዚአብሔር ቤት ሊሠራ ፈልጎ ነበር። እግዚአብሔር ግን፣ ቤት የምሠራልህ እኔ ነኝ አለው። ዳዊት ይህን ሲሰማ ገብቶ በእግዚአብሔር ፊት ተቀመጠ፤ እስከዚያ ማን እንዳደረሰውም አሰበ። ጆን ኒውተን ይህን መዝሙር የጻፈው በዚያ ጸሎት ላይ፣ ለአዲስ ዓመት ስብከት ሲዘጋጅ ነው። አደጋና መከራ የሚለው ጋ ስንደርስ ልብ እንበል፤ እስከዚያ ያለፈውን እንቆጥራለን፣ ከዚያ ወዲያ የሚመጣውን እንጠብቃለን።»

ሃምሳ ቃል ገደማ ነው። በረጋ ድምፅ ሲነበብ አርባ ሰከንድ ያህል ይወስዳል። ርዝመቱን በዓይን መገመት ያሳስታል፤ ወረቀት ላይ አጭር የሚመስለው ማይክ ላይ ይረዝማልና፣ ቆሞ ጮክ ብሎ እያነበቡ በስልክ ሰዓት መለካት ነው የሚያዋጣው። ከአንድ ደቂቃ ካለፈ አንድ ሐሳብ ሳይሆን ሁለት ተሸክሟል ማለት ነው፤ አንዱ ለሌላ እሑድ ይቆይ።

ስለ ዓረፍተ ነገሮቹም አንድ ነገር ልበል። አማርኛ ግሥን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ ረጅም ዓረፍተ ነገር አድማጩን እስከ መጨረሻው ያንጠለጥለዋል። ለዓይን ይህ ችግር የለውም፣ አንባቢ ይመለሳል። ሰሚ ግን መመለሻ የለውም። «ለእግዚአብሔር ቤት ሊሠራ ፈልጎ የነበረውና በነቢዩ ናታን በኩል መልስ የመጣለት ዳዊት» ብሎ የሚጀምር ሰው ዳዊት ጋ ሲደርስ የኋላው ወንበር ጠፍቷል። ዳዊትን አስቀድሞ፣ ግሡን ቶሎ አምጥቶ፣ አራት ነጥብ ማኖር ይሻላል።

መግቢያው ከተጻፈ በኋላ የአምልኮ መሪውን አንድ ጥያቄ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ የትኞቹ ቨርሶች ይዘመራሉ? ይህ ትንሽ ይመስላል፣ ግን መግቢያውን የሚገድለው እሱ ነው። ብዙ ቦታ አንደኛው፣ ሁለተኛውና የመጨረሻው ይዘመሩና ሦስተኛው ይዘለላል። ያን ጊዜ ጉባኤው ልብ ይል ዘንድ የተነገረው ቦታ ሳይመጣ መዝሙሩ ያልቃል። ደግሞ በእንግሊዝኛ ብዙ ጊዜ መዝጊያ ሆኖ የሚዘመረው፣ ስለ ዐሥር ሺሕ ዓመት የሚናገረው አንጓ፣ የኒውተን አይደለም፤ በኋላ የተጨመረ ነው። መዘመሩ ነውር የለበትም፣ ነገር ግን «ኒውተን በመጨረሻ እንዲህ ይላል» ብሎ መግቢያውን በእሱ ላይ መሥራት አይቻልም። ስለ ዜማውም እንዲሁ ነው፤ ዛሬ የምናውቀው ዜማ ከግጥሙ ጋር የተጣመረው በ1835 አሜሪካ ውስጥ፣ ዊልያም ዎከር ባሳተመው የመዝሙር መጽሐፍ ነው። ኒውተን በ1807 ስለሞተ በዚህ ዜማ ሲዘመር አልሰማውም።

በአሜሪካ ባሉ የአማርኛ አብያተ ክርስቲያናት ሌላ ፈተና አለ። ወላጆች አማርኛውን፣ ልጆች እንግሊዝኛውን ይከተላሉ፤ ስለዚህ መግቢያው ሁለት ጊዜ ይነገርና ጊዜው እጥፍ ይሆናል። እዚያ ከዓረፍተ ነገር ዓረፍተ ነገር መተርጎም አያስፈልግም። የዳዊትን ታሪክ በአማርኛ፣ የመጨረሻውን «ልብ እንበል» ብቻ በሁለቱም ቋንቋ መናገር ይበቃል። ልጆቹ መዝሙሩን ያውቁታል፤ የጎደላቸው የት ላይ እንደሚዞር ማወቅ ነው።

ከኪቦርድ ተጫዋቹ ጋርም አስቀድሞ መስማማት ይገባል። የመግቢያው የመጨረሻ ቃል «እንጠብቃለን» መሆኑን ካወቀ፣ ያ ቃል ምልክቱ ይሆንና ወዲያው ወደ መዝሙሩ መግባት ይችላል። ተናጋሪው ከዚያ በኋላ «እንግዲህ አብረን እንዘምር፣ ከፍ አድርገን፣ ጌታ ይባርካችሁ» ካለ አርባው ሰከንድ የገነባውን ያፈርሰዋል። ሌላው ልማድ የመዝሙሩን የመጀመሪያ መስመር በንግግር ማንበብ ነው፤ ያም ሰው ሊዘምረው ያለውን ቀድሞ አሰልችቶ ያቀርብለታል።

ይኸው መዝሙር በሽኝት ፕሮግራም ላይ ሲዘመር የመስከረሙ መግቢያ አይሠራም። ኀዘንተኛን «ያለፈውን እንቆጥር» ማለት በዚያ ሰዓት ከባድ ሸክም ነው። እዚያ የሚመረጠው ቦታ አምስተኛው አንጓ ነው፣ ሥጋና ልብ ሲደክሙ የሚለው። መግቢያውም ወደ አንድ ዓረፍተ ነገር ይወርዳል፤ «ይህ መዝሙር ሥጋችንና ልባችን የሚደክሙበትን ቀን አይሸሽም፤ በስሙ ጠርቶት ያልፋል።» ከዚያ ዝም ይባላል፣ ኪቦርዱም ይገባል። የመስከረሙን ወረቀት በመጽሐፍ ቅዱሱ ውስጥ አስቀምጦ የቆየ ሰው፣ ለቅሶ ላይ አውጥቶ እንዳያነበው ከላዩ ላይ ለምን ቀን እንደተጻፈ ቢጽፍበት ይሻለዋል።