አንድን የሕክምና ሙከራ እንዴት እንመርምረው? የ3,141 ሕፃናት ጥናት በአሥራ አንድ ጥያቄ ሲፈተሽ

ትኩሳቱ አይሎ፣ እጅና እግሩ ቀዝቅዞ፣ ትንፋሹ ከብዶት ሆስፒታል ለደረሰ ሕፃን የሚሰጠው ምክር ለረጅም ዓመታት ግልጽ ነበር፦ በደም ሥሩ ብዙ ፈሳሽ በፍጥነት ስጡት። ሐኪሞች ይህን «ቦለስ» ይሉታል። የደም ዝውውሩ ስለተዳከመ ፈሳሹ ያነቃዋል የሚለው ሐሳብ ለአእምሮ የሚገባ ስለሆነ ብዙ ጠያቂ አልነበረውም። በኬንያ፣ በታንዛኒያና በኡጋንዳ ባሉ ስድስት ሆስፒታሎች የተካሄደው «ፊስት» የተባለ ሙከራ ግን ይህን ምክር ፈተነው። በካትሪን ማይትላንድ የተመራው ይህ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2011 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን ሲታተም ውጤቱ ብዙዎችን አስደነገጠ። ቦለስ ካገኙት ሕፃናት የሞቱት፣ ካላገኙት ይልቅ በዝተው ተገኙ።

በነርስነት፣ በጤና መኮንንነትና በሕክምና ትምህርት ቤቶች «በማስረጃ የተደገፈ አገልግሎት» የሚባል ኮርስ አለ። ተማሪው አንድ በዕጣ የተደለደለ ሙከራ ይመርጥና በቼክሊስት ገምግሞ ጽሑፍ ያቀርባል። ብዙ ጊዜ የሚያገለግለው «ካስፕ» የተባለው የእንግሊዝ ቼክሊስት ሲሆን አሥራ አንድ ጥያቄዎች በአራት ክፍል ይዟል። ተማሪዎች በተደጋጋሚ የሚወድቁበት ስሕተት ጥያቄዎቹን እንደ ፈተና ነጥብ መቁጠር ነው፤ «አዎ» ሲበዛ ጥናቱ ጥሩ፣ «አይደለም» ሲገኝ ጥናቱ ደካማ ይሉታል። ትክክለኛው አጠቃቀም ይህ አይደለም። ለእያንዳንዱ ጉድለት መጠየቅ ያለበት፣ ይህ ጉድለት ውጤቱን ወዴት ሊያዘነብለው ይችላል የሚለው ነው። ፊስትን በዚህ መንገድ እንየው።

ጥያቄውና ድልደላው

የቼክሊስቱ መጀመሪያ ጥናቱ የጠየቀው ጥያቄ ጥርት ያለ መሆኑን ይመለከታል። ማን ተጠና? ምን ተሰጠው? ከምን ጋር ተነጻጸረ? ምን ተለካ? በፊስት የተጠኑት ዕድሜያቸው ከ60 ቀን እስከ 12 ዓመት የሆኑ፣ ትኩሳት ያለባቸው፣ ራሳቸውን የመሳት ወይም የመተንፈስ ችግር የገጠማቸውና የደም ዝውውራቸው መዳከሙን የሚያሳይ ምልክት የታየባቸው ሕፃናት ናቸው። አንዱ ቡድን ሳላይን፣ ሌላው አልቡሚን በቦለስ አገኘ። ሦስተኛው ቡድን ቦለስ ሳያገኝ በዝግታ የሚንጠባጠብ መደበኛ ፈሳሽ ብቻ ተሰጠው። ዋናው መለኪያ በ48 ሰዓት ውስጥ መሞት ነው።

ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ ለማየት 12 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን እናስብ። ቦለሱ መጀመሪያ በኪሎ 20 ሚሊ ሊትር ነበር፤ ይህም በአንድ ሰዓት 240 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። በኋላ ላይ የጥናቱ ዕቅድ ተሻሽሎ በኪሎ 40 ስለሆነ 480 ደረሰ። የንጽጽር ቡድኑ መደበኛ ፈሳሽ ግን በሰዓት ቢበዛ በኪሎ 4 ሚሊ ሊትር ስለነበር ለዚህ ሕፃን 48 ሚሊ ሊትር ብቻ ይሆናል።

ቀጣዩ ጥያቄ ድልደላው በእርግጥ በዕጣ ነበር ወይ የሚል ነው። «በዕጣ» የሚለውን ቃል በአርቲክሉ ርዕስ ላይ አይቶ «አዎ» ማለት አይበቃም። ሁለት ነገር በተናጠል መፈለግ አለበት። አንደኛው ዕጣው እንዴት እንደወጣ ነው። ሁለተኛው፣ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው፣ ሕፃኑን ጥናቱ ውስጥ የሚያስገባው ሐኪም ቀጣዩ ዕጣ ምን እንደሆነ አስቀድሞ ማወቅ ይችል እንደሆነ ነው። ቢያውቅ ኖሮ እጅግ የታመመውን ሕፃን ይሻላል ብሎ ወደሚያምንበት ሕክምና ሊያስገባው ይችላል፤ ያኔ ቡድኖቹ ገና ከመነሻው እኩል አይሆኑም። በፊስት ድልደላው ተራ ቁጥር በተሰጣቸው፣ በታሸጉና ውስጣቸው በማይታይ ፖስታዎች ነበር የሚወጣው። ይህ በየድንገተኛ ክፍሉ የሚሠራ ቀላልና ጠንካራ ዘዴ ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ የገቡት ሁሉ እስከ መጨረሻው ተቆጠሩ ወይ የሚል ነው። እዚህ ላይ ተማሪው አንድ ነገር ያገኛል፤ ጥናቱ ቀድሞ ቆሟል። የታቀዱት 3,600 ሕፃናት ሲሆኑ 3,141 እንደገቡ መረጃውን በየጊዜው የሚከታተለው ገለልተኛ ኮሚቴ እንዲቆም መከረ። ሙከራ ቀድሞ ሲቆም ውጤቱ ከእውነታው በላይ ጎልቶ ሊታይ እንደሚችል የታወቀ ነው፤ በተለይ ጥቂት ሞት ብቻ ተቆጥሮ ከቆመ። ፊስት የቆመው ግን ከታቀደው 87 በመቶ የሚሆነው ከገባ በኋላ ነው፤ ሦስት መቶ ገደማ ሞትም ተመዝግቧል። ስለዚህ ተማሪው ጉድለቱን ይጥቀስ፤ ነገር ግን ድምዳሜውን የሚገለብጥ አለመሆኑን ምክንያቱን ጨምሮ ይጻፍ።

ማን ምን እንዳገኘ አለመደበቁ

የቼክሊስቱ ሁለተኛ ክፍል ሕመምተኛው፣ የሚያክመውና ውጤቱን የሚለካው ማን ምን እንደተሰጠው ያውቁ ነበር ወይ ይላል። በፊስት መልሱ ግልጽ ነው፤ ሐኪሞቹና ነርሶቹ ያውቁ ነበር። በአንዱ ሕፃን ክንድ ላይ ግማሽ ሊትር በፍጥነት ሲገባ፣ በሌላው ላይ ጥቂት ሲንጠባጠብ መደበቅ አይቻልም። ብዙ ተማሪ እዚህ «አይደለም» ጽፎ «ጥናቱ ለአድልዎ የተጋለጠ ነው» ብሎ ያልፋል። መልሱ ትክክል ቢሆንም ግምገማው ግማሽ ነው።

የጎደለው ግማሽ ሁለት ነገር ይጠይቃል። በመጀመሪያ፣ የተለካው ምንድን ነው? ሕመም ቢሆን ወይም «ተሻለው» የሚል ግምት ቢሆን የለካው ሰው እምነት ቁጥሩን ሊለውጠው ይችላል። ሞት ግን በግምት የሚመዘገብ ነገር አይደለም። በአንጻሩ በዚሁ ጥናት ውስጥ የሳንባ ውኃ መቋጠርን የመሳሰሉ በሐኪም ፍርድ የሚወሰኑ ውጤቶች አሉ፤ እነርሱ ይበልጥ ለአድልዎ የተጋለጡ ናቸው። አዘጋጆቹም ይህን ለመቀነስ ማን ምን እንዳገኘ የማያውቅ ኮሚቴ ጉዳዮቹን እንዲመረምር አድርገዋል።

ሁለተኛው፣ አድልዎ ቢኖር ኖሮ ለማን ያደላ ነበር? በጊዜው አብዛኛው ሐኪም ቦለስ እንደሚያድን ያምን ነበር። ስለዚህ እምነቱ እጁን ቢመራው ኖሮ ቦለስን ይጠቅም ነበር። ውጤቱ የወጣው ግን በተቃራኒው ነው። አለመደበቁ ቦለስ ጎጂ ሆኖ እንዲታይ አድርጓል ለማለት አስቸጋሪ ነው።

በዚሁ ክፍል ቡድኖቹ ሲጀምሩ ተመሳሳይ እንደነበሩና ከቦለሱ በስተቀር እኩል እንደታከሙ ይታያል። የአርቲክሉን የመጀመሪያ ሠንጠረዥ ማንበብ ይበቃል። በፊስት ከሕፃናቱ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ወባ ነበረባቸው፤ ይህም በቡድኖቹ መካከል ተቀራራቢ ነበር። አንቲባዮቲኩ፣ የወባ መድኃኒቱ፣ ኦክስጅኑና ደም መስጠቱም ለሁሉም በአንድ መመሪያ ተከናውኗል።

ቁጥሮቹን ማንበብ

በ48 ሰዓት ውስጥ አልቡሚን ካገኙት 1,050 ሕፃናት 111፣ ሳላይን ካገኙት 1,047 ደግሞ 110 ሞተዋል። ቦለስ ካላገኙት 1,044 የሞቱት 76 ናቸው። በመቶኛ 10.6፣ 10.5 እና 7.3 ማለት ነው። ሁለቱ ቦለሶች ተደምረው ከንጽጽር ቡድኑ ጋር ሲተያዩ የመሞት ዕድል 1.45 እጥፍ ሆኗል።

ተማሪው ይህን ቁጥር ብቻ ገልብጦ «ሞት በ45 በመቶ ጨመረ» ካለ እውነት ተናግሯል፤ አንባቢው ግን ስንት ሕፃን እንደሆነ አያውቅም። ቀጥታ ልዩነቱን ያስላ፦ 10.5 ሲቀነስ 7.3፣ ወደ 3.3 ገደማ (ቁጥሮቹ ሳይጠጋጉ)። ይህም ቦለስ ከተሰጣቸው በየሠላሳው ሕፃናት ውስጥ በግምት አንድ ተጨማሪ ሞት ማለት ነው። በአንድ የሕፃናት ክፍል በጥቂት ሳምንታት የሚታከሙ ልጆች ቁጥር ነው።

ቼክሊስቱ ቀጥሎ ግምቱ ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ ይጠይቃል። የፊስት 95 በመቶ የመተማመኛ ክልል ከ1.13 እስከ 1.86 ነው። ቁጥሩ 1 ቢሆን ልዩነት የለም ማለት ነበር፤ ከ1 በታች ቢሆን ቦለስ ይጠቅማል ማለት ነበር። ክልሉ ሙሉ በሙሉ ከ1 በላይ ነው። ስለዚህ የጉዳቱ መጠን ከትንሽ እስከ ትልቅ ሊሆን ይችላል፤ ጥቅም የመሆን ዕድሉ ግን እጅግ የጠበበ ነው።

ለእኛ ሕመምተኞች ይሠራል ወይ?

የመጨረሻው ክፍል ብዙ ጊዜ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይዘጋል፤ «አፍሪካ ውስጥ ስለተሠራ ለኢትዮጵያም ይሆናል» በሚል። ይህ አደገኛ አቋራጭ ነው። መታየት ያለበት ጥናቱ ማንን እንዳላስገባ ነው። በተቅማጥና በትውከት የተጎዱ ሕፃናት አልተካተቱም፤ በከፍተኛ የምግብ እጥረት የተጎዱትም እንዲሁ። እነዚህ ሁለቱ በአገራችን የጤና ተቋማት በብዛት የሚታዩ ናቸው። ፊስትን አንብቦ ተቅማጥ ፈሳሹን ያሟጠጠበትን ሕፃን ፈሳሽ የሚከለክል ሰው ጥናቱ ያልተናገረውን አናግሮታል።

ሌላም ገደብ አለ። በጥናቱ ከገቡት 3,141 ሕፃናት የዓለም ጤና ድርጅትን የሾክ መመዘኛ በሙሉ ያሟሉት 65 ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ጥናቱ በዋናነት የሚናገረው የደም ዝውውራቸው ተዳክሞ ሙሉ ሾክ ውስጥ ስላልገቡት ነው። በደጋማ አካባቢ የሚሠራ ሐኪም ደግሞ የሚያያቸው ሕፃናት እንደ ጥናቱ ሕፃናት ወባ የበዛባቸው አይደሉም። በሌላ በኩል ፊስት የተሠራው የመተንፈሻ ማሽንና የጽኑ ሕሙማን ክፍል በሌለባቸው ሆስፒታሎች ነው። ይህን አንዳንድ ተቺዎች እንደ ድክመት ቢያነሱትም፣ ለአብዛኞቹ የወረዳ ሆስፒታሎቻችን ጥናቱን ቅርብ የሚያደርገው ይኸው ነው።

የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ የተሟላ ሾክ የሌለባቸው ትኩሳታም ሕፃናት ፈጣን ፈሳሽ እንዳይሰጣቸው መክሯል። ሾክ ላለባቸውም መጠኑን ዝቅ፣ ፍጥነቱን ገታ አድርጓል።

እንግዲህ ይህን አሳይመንት የያዘ ተማሪ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ሦስት ነገር ይጻፍ፦ መልሱን፣ በአርቲክሉ ውስጥ የትኛው ገጽ ወይም ሠንጠረዥ ላይ እንዳገኘውና ጉድለት ካለ ውጤቱን ወዴት እንደሚያዘነብል። የፊስት ፍርዴን ልናገር፦ ጥናቱ አልተደበቀም፣ ቀድሞም ቆሟል፤ ቢሆንም መልሱ የሚታመን ነው። የጽኑ ሕሙማን ክፍል በሌለበት ሆስፒታል፣ ተቅማጥም ከፍተኛ የምግብ እጥረትም ለሌለበት፣ ትኩሳት ይዞት ሙሉ ሾክ ውስጥ ላልገባ ሕፃን ቦለስ አይሰጥ። ከዚህ ውጭ ላሉት ሕፃናት ሌላ ማስረጃ ይፈለግ።