እርቅ ፍለጋ መርካቶ

የተጣላውን ወንድሙን ለመታረቅ ስጦታ ፍለጋ ገበያ የወጣ ሰው ለአጭር ልብወለድ የተመቸ ባለታሪክ ነው። አንባቢ ዓይኑ እያየ የሚከተለው ፍለጋ አለ፤ ከጀርባው ደግሞ ገና ያልተነገረ ጠብ አለ። ታሪኩ የሚበላሸው ሁለቱ ተለያይተው ሲጻፉ ነው። ሰውየው ሱቅ ለሱቅ እየዞረ ያለፈውን በትዝታ ብቻ የሚያብሰለስል ከሆነ ገበያው ጌጥ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ጸሐፊው ከሁሉ አስቀድሞ የሚወስነው የሚገዛው ዕቃ ምን እንደሆነ ነው። ዕቃው ከጠቡ የተወለደ መሆን አለበት።

የዚህ ጉዳይ ጥንታዊ ምሳሌ ኦሪት ዘፍጥረት ውስጥ ይገኛል። ያዕቆብ ምርቃቱን የወሰደበትን ወንድሙን ዔሳውን ከብዙ ዓመት በኋላ ሊያገኘው ሲል 200 እንስት ፍየልና 20 አውራ ፍየል፣ 200 በግና 20 አውራ በግ፣ ሌላም ግመል፣ ከብትና አህያ አስቀድሞ ይልክለታል። ከብዛቱ ይልቅ አላላኩ ነው የሚገርመው። መንጋውን ከፋፍሎ፣ በመካከሉ ርቀት እየተወ ያስነዳዋል፤ ቁጣው በየተራው እንዲበርድ። ዔሳው ግን ሮጦ አቅፎት አለቀሰ፤ ስጦታውንም የራሱ እንደሚበቃው ተናግሮ መጀመሪያ አልፈለገም፣ ተለምኖ ነው የተቀበለው። እርቁ በከብቱ አልመጣም። ይሁንና ያዕቆብ ባዶ እጁን ለመቅረብ የሚያስችል ፊት አልነበረውም፤ የዚህ ዓይነት ታሪክ ሁሉ የሚቆመው በዚህ ላይ ነው።

ገበያው መርካቶ ቢሆን ጸሐፊው ብዙ ድካም ይቀንስለታል። መርካቶ በጣልያን ወረራ ዘመን፣ ገበያው ከአራዳ ተነስቶ ወደ ምዕራብ ሲዛወር የተቋቋመ ነው። ሸቀጡ በየዓይነቱ ተለይቶ የሚሸጥበት ቦታ ሁሉ ተራ ይባላል፤ አሮጌ ብረት ምን አለሽ ተራ፣ የባህል ልብስ ሸማ ተራ እያለ ይቀጥላል። እንግዲህ ባለታሪኩ የሚገባበት ተራ ሐሳቡን ይናገርበታል፤ ጸሐፊው «ተጨነቀ» ብሎ መጻፍ አያስፈልገውም።

አንድ ታሪክ እንዲህ ይታሰብ። አባት ሲሞት ታናሹ አጠገቡ ነበር፤ ታላቁ ከክፍለ ሀገር ሳይደርስ ታናሹ የአባትየውን ጋቢ ማንንም ሳይጠይቅ ለነፍስ አባታቸው ሰጠው። ታላቁ መጥቶ የጠየቀው መጀመሪያ ያንን ጋቢ ነበር። ከዚያ ወዲያ አልተነጋገሩም። ታናሹ አሁን መርካቶ ገብቷል፤ በመጀመሪያ የሚሄደው ግን ሸማ ተራ አይደለም። የእጅ ሰዓት ያያል፣ የቆዳ ጃኬት ይለካል፤ ዋጋው የሚታይ ነገር ይፈልጋል። ሁሉንም ይተዋል። ሸማ ተራ የሚደርሰው ሌላ ምክንያት ሲያጣ ነው።

ነጋዴዋ ጋቢ ትዘረጋለታለች። ጋቢ አራት ድርብ ነው፤ ማጉ የእጅ ፈትል ከሆነ ክሩ ወጣ ገባ ይላል፣ ሲዳሰስም ይለሰልሳል፤ የፋብሪካ ክር ግን ከዳር እስከ ዳር እኩል ነው። ታናሹ ይህን ያውቃል፤ እናቱ ስትፈትል ነው ያደገው። ጣቱን ጨርቁ ላይ እያሳለፈ ሳለ ነጋዴዋ ጥያቄ ታመጣለች።

«ለማን ነው፣ ወንድሜ?»

«ለታላቅ ወንድሜ።»

«ያለበት አገር ብርድ ነው?»

መልሱን አያውቅም። ወንድሙ ከድሮው ቦታ ይኑር አይኑር ጠይቆ አያውቅም። የጠቡን ርዝመት አንባቢ የሚሰማው እዚህ ነው፤ የዓመት ቁጥር ከመጻፍ ይህ ይሻላል።

ጋቢውን ቢገዛው ታሪኩ እዚያው ይሞታል። አዲስ ጋቢ መስጠት የጠፋው በሌላ ይተካል ማለት ነው፤ ታላቁን ያስቆጣውም ይኸው አስተያየት ነበር። ስለዚህ ታናሹ ጋቢውን አጥፎ ይመልስና የተዳመጠ ጥጥ በኪሎ ይገዛል፤ ለድሩም የፋብሪካ ክር። ማጉን እናታቸው ትፈትለዋለች። ፈትሉ ወራት ይወስዳል፤ ሸማኔውም ሲቀጠር ስለ ስፋቱና ስለ ጥለቱ የሚወስነው ታላቁ ነው፤ አባትየው የትኛውን ጥለት ይወድ እንደነበር እሱ ያስታውሳል። ያላለቀ ስጦታ ሁለቱን ሰዎች ደጋግሞ ያገናኛል፤ ያለቀ ስጦታ ግን በአንድ ቀን ተረክቦ ያበቃል።

አንድ ነገር መታለፍ የለበትም። በአገሩ ልማድ የተጣላ ሰው ሽማግሌ ይልካል እንጂ ስጦታ ይዞ በር አያንኳኳም፤ አንባቢም «ሽማግሌዎቹ የት ሄዱ?» ማለቱ አይቀርም። ለዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል፦ ሁለት ጊዜ ተልከው ሁለት ጊዜ ተመልሰዋል፤ ጥጡንም ታናሹ የሚልከው በእነሱ ሳይሆን በእናቱ እጅ ነው።