ሰሜኑ ግድግዳ ፀሐይ አያገኘውም?

እህቴ፣ ባለፈው ሳምንት ከሞዴል ፈተናው ስትወጪ «የማውቀውን ነው የተሳሳትኩት» ያልሽው ከጆሮዬ አልወጣም። እኔም ሦስተኛ ዓመት ሳለሁ ይህንኑ ብዬ ነበር። የኪነ ሕንፃ ተማሪ ሲባል ሰው የሚታየው ካርቶን ስንቆርጥ ስንለጥፍ ስናድር፣ ጠዋት ደግሞ ጁሪ ፊት ስንርበተበት ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ግን አምስት ዓመት ሲስል የኖረ ተማሪም ዲግሪውን የሚያገኘው መውጫ ፈተና ላይ ተቀምጦ ቾይዝ መርጦ፣ ከመቶ 50 አምጥቶ ነው። ፈተናው ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ ትምህርቱን አውቀሽም አንዲት ቃል ልትጥልሽ ትችላለች።

እኔን የጣለችኝ ቃል «ኦሪየንቴሽን» ናት። የክላይሜት ኮርስ ፋይናል ላይ ረጅም ዘንጉ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ስለተዘረጋ ሕንፃ ተጠየቅን። እኔ «ኢስት ዌስት» የሚለውን እንዳየሁ ሰፊዎቹ ገጾች ምሥራቅና ምዕራብን ያያሉ ብዬ መለስኩ። ጥያቄው ግን ስለ መዘረጋት እንጂ ስለ ማየት አልነበረም። አንድ ሰው ራሱን ወደ ምሥራቅ፣ እግሩን ወደ ምዕራብ አድርጎ በጀርባው ሲተኛ ጎኖቹ ሰሜንና ደቡብ ናቸው። ሕንፃውም እንደዚያው ነው። በዚያች አንዲት ስህተት ተያይዘው የመጡ ሦስት ጥያቄዎች አመለጡኝ። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲገጥመኝ ምርጫዎቹን ሳላነብ በረቂቅ ወረቀት ላይ አራት ማዕዘን እሥላለሁ፣ የሰሜን ቀስት አደርግበታለሁ። አሥር ሰከንድ አይፈጅም።

አሁን ወደ አንቺ ጥያቄ ልምጣ። እንደነገርሽኝ እንዲህ ይላል፦ አዲስ አበባ ውስጥ ስለሚገኝ ሕንፃ የሰሜን ገጽ ትክክል ያልሆነው የቱ ነው? ሀ. በዓመቱ ውስጥ ቀጥታ ፀሐይ ፈጽሞ አያገኘውም። ለ. በሰኔ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ያገኘዋል። ሐ. በታኅሣሥ እኩለ ቀን ላይ ጥላ ውስጥ ነው። መ. ከምዕራብ ገጹ ይልቅ በአግድም ጥላ ለመከለል ይቀላል።

አንቺ «ለ»ን መረጥሽ። ለምን እንደሆነ ይገባኛል። የምናነባቸው መጻሕፍት አብዛኞቹ የተጻፉት ለአውሮፓና ለአሜሪካ ነው። እዚያ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ሁልጊዜ በደቡብ በኩል ናት፤ ሠዓሊውም ስቱዲዮውን ወደ ሰሜን የሚከፍተው ለዚህ ነው። ያንን ይዘሽ ስትገቢ «ሀ» እውነት መስሎ አለፈሽ፣ «ለ» ደግሞ ውሸት መሰለሽ። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። ፀሐይ በሰኔ አጋማሽ 23 ዲግሪ ተኩል ያህል ወደ ሰሜን ትወጣለች። ስለዚህ እኛን አልፋን ትሄዳለች ማለት ነው። ልዩነቱን ቀንሺ፦ ሰኔ 14 ቀን እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ከአናታችን 14 ዲግሪ ተኩል ያህል ወደ ሰሜን ዘንበል ትላለች። ከአድማስ ሲለካ 75 ዲግሪ ተኩል ገደማ መሆኑ ነው። በታኅሣሥ አጋማሽ ደግሞ ሁለቱን ትደምሪያለሽ፤ 32 ዲግሪ ተኩል ወደ ደቡብ ትወርዳለች፣ ከአድማስ 57 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ትሆናለች። ስለዚህ «ለ»ም «ሐ»ም እውነት ናቸው። ውሸቱ «ሀ» ነው።

«መ»ም እውነት ነው፤ ለምን እንደሆነ ግን ቆም ብለሽ ብታይው ለሌላ ጥያቄም ይሆንሻል። ቁመቱ 1.5 ሜትር የሆነ መስኮት አስቢ። ሰሜን ላይ ከሆነ ለሰኔው የእኩለ ቀን ፀሐይ ከበላዩ 40 ሳንቲ ሜትር የማይሞላ ጥላ ይበቃዋል። ደቡብ ላይ ከሆነ ለታኅሣሡ አንድ ሜትር ገደማ ይፈልጋል። ምዕራብ ላይ ሲሆን ግን ነገሩ ይበላሻል። መስከረም 12 አካባቢ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ ፀሐይ ወደ 30 ዲግሪ ትወርዳለች። ያንን በአግድም ጥላ ብቻ ለመከለል ከሁለት ሜትር ተኩል በላይ ማውጣት አለብሽ፤ በረንዳ ሆነ ማለት ነው። ከዚያ በኋላማ የበለጠ ስለምትወርድ በረንዳውም አይበቃሽም።

ስለዚህ ለምዕራብ መስኮት «እጅግ ውጤታማው» መከለያ የቱ ነው ተብለሽ አግድም ጥላ፣ የውስጥ መጋረጃ፣ ድርብ መስታወት እና በውጭ በኩል የሚንቀሳቀስ ሉቨር ቢደረደሩልሽ፣ ሁሉም ጥቂት ጥቂት ይሠራሉ። እዚህ ላይ እውነትና ውሸት አትፈልጊ፤ ደረጃ ነው የተጠየቅሽው። መጋረጃው የሚያግደው ሙቀቱ መስታወቱን አልፎ ከገባ በኋላ ነው። ሉቨሩ ግን ውጭ ያስቀረዋል፣ ዝቅ ያለችውንም ፀሐይ ተከትሎ ይዘጋል። መልሱ እሱ ነው።

«ትክክል ያልሆነው» ለሚል ጥያቄ እኔ የምሠራው እንዲህ ነው። «ያልሆነው» የሚለውን አሰምርበትና ለጊዜው እተወዋለሁ። ከዚያ እያንዳንዱን ምርጫ ለብቻው የመጣ ዓረፍተ ነገር አድርጌ አጠገቡ እ ወይም ሐ እጽፋለሁ። በአንቺ ጥያቄ ሐ እ እ እ ይመጣል፤ ብቻውን የቀረው መልሱ ነው። አንቺ የተሳሳትሽው «ያልሆነው» እና «ፈጽሞ አያገኘውም» የሚሉትን ሁለት አሉታዎች አንድ ላይ ለመፍታት ስትሞክሪ ነው። በነገራችን ላይ ሲኒየሮች «ኦልዌይስና ኔቨር ያለበት ሁሉ ውሸት ነው» እያሉ የሚያወርሱንን አትመኚው። ከ23 ዲግሪ ተኩል በስተሰሜን ባለ አገር እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ፈጽሞ በሰሜን በኩል አትሆንም። ይህ እውነት ነው፣ «ኔቨር»ም አለበት።

አንድ የሚያስቸግር ነገር ይቀራል። ጥያቄው ከተማ ሳይጠራ «በሰሜናዊው ንፍቀ ክበብ በአጠቃላይ» ካለ፣ አውጪው የመጽሐፉን መልስ፣ ማለትም ደቡብን እንደሚጠብቅ እርግጠኛ ነኝ ማለት እችላለሁ። አዲስ አበባን ወይም ድሬዳዋን ከጠራ ግን ዲግሪውን ይዘሽ አስዪ። ከተማው ሲቀየር የሚፈለገውም ይቀየራል፦ ከ2,300 ሜትር በላይ ባለችው አዲስ አበባ የጠዋት ፀሐይ ወደ ክፍል ብትገባ ደስ ይላል፣ ሰመራ ላይ ግን ማንም አይፈልጋትም።

ይህን ሁሉ በእኔ ቃል አትመኚ። ፀሐይ ከሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንት እስከ ነሐሴ ማብቂያ ድረስ እኩለ ቀን ላይ ከእኛ በስተሰሜን ናት፤ ሰኔና ሐምሌን ግን ደመና ይይዘዋል። ስለዚህ ግንቦት ላይ አንድ ጥርት ያለ ቀን ምረጪና ምሳ ከመሄድሽ በፊት የስቱዲዮውን የሰሜን መስኮት ከውጭ በኩል ደፉን እዪው።