በሁለት ሳንቲም የሚሣል ሳጥን

በመንገድ ፎቶ ላይ ያለውን እያንዳንዱን መኪና በሳጥን መክበብ ኮምፒዩተርን ለማስተማር የሚውል ሥራ ነው። አንድ ፎቶ ሁለት የአሜሪካ ሳንቲም ቢከፈልበትና 45 ሰከንድ ቢፈጅ፣ በሰዓት 80 ፎቶ ተሠርቶ 1.60 ዶላር ይገኛል። ሥራ ሲፈለግ የሚጠፋው ጊዜ ግን አይከፈልበትም። ይህንን ጊዜ ጭምር የቆጠረ፣ በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት በአማዞን ሜካኒካል ተርክ የመካከለኛው ሠራተኛ ገቢ በሰዓት 2 ዶላር ገደማ መሆኑን አሳይቷል።

የመግቢያ ፈተናው ዋና መለኪያ መመሪያን ማክበር ነው። ግማሹ ከዛፍ ጀርባ የተደበቀ መኪና ሙሉው ይከበብ ወይስ የሚታየው ብቻ? መልሱ እንደ ፕሮጀክቱ ይለያያል፤ በራሱ ግምት የሠራ ይወድቃል።

ፈተናው በዚያ አያበቃም። መልሳቸው አስቀድሞ የታወቀ ፎቶዎች ከሌሎቹ ጋር ተደባልቀው ይቀርባሉ። ገደቡ 90 በመቶ ከሆነና ሠራተኛው ከ20ዎቹ 16ቱን ብቻ ካገኘ፣ ፕሮጀክቱ ሊዘጋበት ይችላል።

አካውንት የሚታገደው ግን በስህተት ብዛት ብቻ አይደለም። በቪፒኤን አገርን መደበቅ፣ ሁለት አካውንት መክፈት፣ ከሌላ ሰው መግዛት ሁሉ ያሳግዳል። በአንድ ዋይፋይ የሚሠሩ ወንድምና እህት እንኳ እንደ አንድ ሰው ሊጠረጠሩ ይችላሉ፤ ይህ ፍትሐዊ አይደለም። ያልወጣ ክፍያም አብሮ ሊታገድ ስለሚችል፣ በዚህ ሥራ ያላችሁ ሁሉ ገንዘባችሁን ሳታከማቹ ቶሎ ቶሎ አውጡ።