6 ፊደል፣ 18 ቶክን

«አልመጣሁም» ብለን ስንጽፍ 6 ፊደል ይበቃናል። እንግሊዝኛው ይህንኑ ለማለት 4 ቃላት ይፈልጋል፤ በቃላቱ መካከል ያለው ክፍት ቦታ ሲታከልበት 14 ምልክት ይሆናል። ወረቀት ላይ ከሆነ ቆጣቢው አማርኛ ነው። ጽሑፉ ወደ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሞዴል ሲገባ ግን ሒሳቡ ይገለበጣል፦ እንግሊዝኛው በ4 ቶክን ሲያልቅ፣ አማርኛው እንደ ሞዴሉ 6፣ 12 ወይም እስከ 18 ሊደርስ ይችላል።

ቶክን ማለት ሞዴሉ ጽሑፍ የሚያነብበትም የሚጽፍበትም ቁራጭ ነው። አንዳንዱ ሙሉ ቃል ነው፣ አንዳንዱ የቃል ክፍል፣ አንዳንዱ ደግሞ ከአንድ ፊደል እንኳ ያነሰ ስባሪ። የሞዴሉ ባለቤቶች የሚያስከፍሉት በቶክን ቁጥር ነው፤ ሞዴሉ በአንድ ጊዜ የሚይዘው የጽሑፍ መጠንም የሚለካው በዚያው ነው።

ለልዩነቱ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ምክንያት የባይት ጉዳይ ነው። ኮምፒውተር ጽሑፍ በሚያስቀምጥበት በዩቲኤፍ-8 ሥርዓት የእንግሊዝኛ ፊደል 1 ባይት፣ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። «ል» E1 88 8D ነው፤ «መ» ደግሞ E1 88 98። ይህ እውነት ቢሆንም ነገሩን አይጨርሰውም። «አልመጣሁም» 18 ባይት ነው፣ እንግሊዝኛው 14፤ በዚህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ልዩነቱ ይህን ያህል ባልሰፋ ነበር።

ዋናው ምክንያት ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ሥራ ነው። የቶክን መዝገብ የሚያዘጋጀው ፕሮግራም በብዙ ሞዴሎች ዘንድ ከነጠላ ባይቶች ይነሣል። ከዚያ በተሰጠው የጽሑፍ ክምችት ውስጥ ጎን ለጎን አዘውትረው የሚገኙትን ሁለት ቁራጮች እየፈለገ ያጣብቃል፤ የተጣበቀውን መልሶ ከሌላ ጋር ያጣብቃል። መዝገቡ ሲሞላ ያቆማል። ክምችቱ በአብዛኛው እንግሊዝኛ ከሆነ የእንግሊዝኛ ቃላት እስከነሙሉ አካላቸው ይመዘገባሉ። አማርኛው ግን ጥቂት ስለሆነ ተራው ሳይደርሰው መዝገቡ ይሞላል። ምናልባት E1 እና 88 ተጣብቀው ይቀሩና እያንዳንዱ ፊደል 2 ቶክን ይሆናል፤ እነሱም ካልተጣበቁ 3።

ጥፋቱ የፊደሉ እንዳልሆነ ጉጃራቲ ምስክር ነው። የዚህ የሕንድ ቋንቋ ፊደልም እንደኛው 3 ባይት ነው። ኦፕንኤአይ በ2024 ጂፒቲ-4ኦን ሲያወጣ መዝገቡን ወደ 200,000 ገደማ አሳድጎ፣ በ145 ቶክን ይቆረጥ የነበረው የጉጃራቲ ናሙና በ33 እንዳለቀ አሳይቷል። ባይቱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው መዝገቡ ነው። በዚያ ማስታወቂያ ከተዘረዘሩት 20 ቋንቋዎች መካከል አማርኛ አልነበረም።

አማርኛ የራሱ የሆነ ተጨማሪ ችግርም አለው። «ሰበረ»፣ «ሰብሮ»፣ «ይሰብራል»፣ «ተሰባሪ» ከአንድ ሥር ቢወጡም በአናባቢው ለውጥ ምክንያት ፊደሎቻቸው ይለዋወጣሉ፤ ለሚያጣብቀው ፕሮግራም ደጋግሞ የሚታይ አንድ ግንድ አይተርፈውም። «ፀሐይ»ን አንዱ በ«ጸ» ሌላው በ«ሀ» ሲጽፈው ደግሞ ያለችው ጥቂት ጽሑፍ ትበታተናለች።

በፕሮምፕት ላይ ምን ያስከትላል? 300 ቃላት ያሉት የአማርኛ ደብዳቤ እንውሰድ። ቃሉ በአማካይ 5 ፊደል ቢሆን፣ ፊደሉ 2 ቶክን፣ ክፍት ቦታው 1 ቢቆጠር፣ ደብዳቤው ወደ 3,300 ቶክን ይሆናል። በ2023 የወጣው የመጀመሪያው ጂፒቲ-4 በመደበኛው ዓይነቱ የሚይዘው ጥያቄና መልስ ተደምሮ 8,192 ቶክን ነበር። ሁለት እንዲህ ያሉ ደብዳቤዎችን አወዳድርልኝ ያለ ሰው ለመልሱ የሚተርፈው 1,600 እንኳ አይሞላም፤ በአማርኛ 145 ቃላት ገደማ ማለት ነው። የዛሬዎቹ ሞዴሎች ብዙ እጥፍ ስለሚይዙ ግድግዳው ርቋል፤ ክፍያው ግን እዚያው ነው። በረጅም ጭውውት ደግሞ በየዙሩ የቀደመው ሁሉ እንደገና ስለሚነበብ ክፍያው ይደራረባል።

መልሱም በቶክን ስለሚጻፍ የአማርኛ መልስ ቀስ ይላል፣ ልኩ ሲሞላም ዓረፍተ ነገር መሀል ይቆረጣል። አንዳንዴ ፊደል መሀል ይቆረጥና በመጨረሻው ላይ � ይወጣል። ይህን ያየ ሰው ፎንቱን አይጠርጥር፤ ከፊደሉ ሦስት ባይቶች አንዱ ወይም ሁለቱ ሳይመጡ ቀርተው ነው።

ቶክን ለመቆጠብ አማርኛን በላቲን ፊደል የሚጽፉ አሉ። ቁጥሩ በአብዛኛው ይቀንሳል፤ ነገር ግን «መጣ» እና «መታ» ሁለቱም meta ይሆናሉ፣ እንግዳው ይምጣ ወይም ይማታ ሞዴሉ መገመት አለበት። ለእኔ የሚሻለው ትእዛዙን በእንግሊዝኛ ጽፎ የሚመረመረውን ጽሑፍ ብቻ በራሱ ፊደል መተው ነው፤ መልሱ በአማርኛ ይሁን ብሎ መጠየቅም ይቻላል። ከሰነዱ የማያስፈልገውን ገጽ አስቀድሞ ማውጣትም አለ፤ በ2 ቶክን ሒሳብ አንድ የማያስፈልግ አንቀጽ በቀላሉ ብዙ መቶ ቶክን ይበላል።