ከመሬት ከፍ ያለ ጉረኖ

ክረምት ገብቶ ግልገሎች ማሳል ሲጀምሩ ብዙ ሰው የሚጠረጥረው ብርዱን ነው። ስለዚህ የጉረኖውን ቀዳዳ ሁሉ በጭቃ ይመርጋል፣ የቀረውን በማዳበሪያ ከረጢት ይወትፋል። ሳሉ ግን ይብሳል።

ምክንያቱን ለማወቅ ጠዋት በሩ እንደተከፈተ ገብቶ በግልገሎቹ አፍንጫ ልክ ቁጢጥ ማለት ይበቃል። ዓይን ከቆጠቆጠና ጉሮሮ ከከረከረ በቤቱ ውስጥ አሞኒያ ተከማችቷል ማለት ነው። ይህ ጋዝ የሚመነጨው ከሽንትና ከበጠጥ ነው። ወለሉ በረጠበ ቁጥር ይበዛል፣ የመተንፈሻ አካልን እየላጠ ለሳንባ ምች መንገድ ይከፍታል። ቆሞ የሚገባው ባለቤት ሽታው ያን ያህል አይሰማው ይሆናል፤ ግልገሎቹ ግን ሌሊቱን የሚያድሩት ጋዙ በሚነሣበት ወለል ላይ ተኝተው ነው። ከቆርቆሮው ሥር ጠዋት ጠዋት የሚንጠባጠብ ላበትም እርጥቡ አየር መውጫ እንዳጣ ይናገራል።

መፍትሔው ከወለሉ ይጀምራል። አሥር ትልልቅ ፍየሎች ላሉት ቤተሰብ፣ ለእያንዳንዷ 1.2 ካሬ ሜትር ቢታሰብ፣ 4 ሜትር በ3 ሜትር የሆነ ቤት ይበቃል። ርብራቡ ከመሬት 80 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ይህ ቁመት የተመረጠው አካፋ ገብቶ በጠጡን እንዲዝቅ ነው። ዝቅ ካለ ማጽዳቱ አስቸጋሪ ይሆንና በጠጡ እየተከመረ ርብራቡን ይነካል፤ ያኔ የተለፋበት ከፍታ ጥቅም የለውም።

ለርብራቡ የተሰነጠቀ ባሕር ዛፍ ጠፍጣፋ ጎኑ ወደ ላይ ሆኖ ይደረደራል፤ እንደ አዊ ቀርከሃ በሚገኝበት አገር ደግሞ ቀርከሃው ይሻላል። ድቡልቡል አጣና እንዳለ ቢነጠፍ ፍየሏን ያንሸራትታታል። ዋናው ጥንቃቄ ክፍተቱ ላይ ነው፤ 1.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሁን። መለኪያው ቀላል ነው፦ የአዋቂ ሰው ትንሿ ጣት ትገባለች፣ አውራ ጣት አይገባም። ከዚህ ከጠበበ በጠጡ ይሰካና ወለሉ ተመልሶ ይረጥባል፤ ከሰፋ የግልገል እግር ይገባና ይሰበራል። ከሥር የሚሸከሙት አግዳሚዎች በየ40 ሳንቲ ሜትሩ ቢቀመጡ ርብራቡ አይረግብም። እንጨቱ ሲደርቅ ስለሚኮማተር ክፍተቱን ከወራት በኋላ እንደገና መለካት ይገባል።

ከርብራቡ ሥር ያለው መሬት ይረሳል፤ ብዙ ጥሩ ጉረኖ የተበላሸውም በዚህ ነው። ሽንቱ እዚያው ከተኛ ጋዙ በክፍተቱ ተመልሶ ይወጣል። መሬቱ በደንብ ተደልድሎ በየሜትሩ 5 ሳንቲ ሜትር ዝቅ እንዲል ይደረግ፤ በ3 ሜትር ወርድ ላይ ይህ 15 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። በታችኛው ጫፍ ቦይ ተቆፍሮ ሽንቱን ወደ ብስባሽ ጉድጓድ ይወስዳል። በላይኛው በኩል ሌላ ቦይ ጎርፉ ቤቱ ሳይደርስ ያስቀይሰዋል።

የጣራው ውኃም ቀላል አይደለም። ክፈፉ በየአቅጣጫው 50 ሳንቲ ሜትር ቢወጣ ጣራው 20 ካሬ ሜትር ይሸፍናል፤ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥል 600 ሊትር፣ ማለትም ሦስት በርሜል ውኃ ያወርዳል። ይህ ሁሉ ከላይኛው ጎን ቢፈስ ከቤቱ ሥር ይገባል። ስለዚህ ጣራው ወደ ቁልቁለቱ ያዘንብል፤ አሸንዳ ለመግዛት አቅም ባይኖር እንኳ።

ወለሉ ከደረቀ በኋላ የግድግዳው ነገር ይቀላል። ከርብራቡ ጀምሮ 80 ሳንቲ ሜትር ያህል ይዘጋል፤ የተኛች ፍየል ነፋስ እንዳይመታት። ከዚያ በላይ እስከ ጣራው በየ8 ሳንቲ ሜትር ልዩነት ቋሚ እንጨት ብቻ ይቆማል። ሞቃቱ አየር በዚያ ይወጣል፣ ጅብ ግን አይገባም። በቆላ የቤቱ ርዝመት ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ቢሆን የጠዋትና የማታ ፀሐይ የሚያገኘው ጠባቡን ጎን ብቻ ነው።

ርብራቡ በደጋ አንድ ጉድለት አለበት። ብርድ ከሥር ይነፍሳል፣ አዲስ የተወለደ ግልገል ደግሞ አይቋቋመውም። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አንድ ጥግ ላይ ሳንቃ ተደርጎ ደረቅ ጭድ ይነጠፍበታል፤ ጭዱ ሲረጥብ ወዲያው ይቀየራል። ከሥር ነፋስ በሚመጣበት ጎን ብቻ የሣር አጥር ማቆምም ይረዳል። አራቱንም ጎን መዝጋት ግን ጋዙን ማፈን ነው።

ሌላው ጠላት ምስጥ ነው። ቋሚዎቹ መሬት የሚገቡበትን ክፍል የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት ዕድሜያቸውን ያራዝማል። ቢሆንም በጠጡ በየሳምንቱ ሲዘቅ በቋሚው ላይ የጭቃ መስመር ወጥቶ እንደሆነ ማየት፣ ካለም መፋቅ ያስፈልጋል። ርብራቡ በተንቀሳቃሽ ክፍል ተሠርቶ ከሆነ የላላው ወይም የተበላው ጣውላ ብቻ ተነሥቶ በዚያው ዕለት ይተካል።